የጌም ቪዲዮ ርዕስና መግለጫ እንዴት ይጻፋል? ቨርዥኑ፣ ሚሽኑና የስፖይለር ማስጠንቀቂያው

የሳን አንድሪያስን «የባቡር ሚሽን» ማለፍ ያቃተው ልጅ ዩቲዩብ ላይ የሚገባው መፍትሔ ፍለጋ ነው። ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ብዙው ልጅ ቪዲዮ የሚያየው በሞባይል ዳታ ነው። ከፍቶ ሦስት ደቂቃ ካየ በኋላ የያዘው ጌም ሌላ መሆኑ ሲገባው ፓኬጁ ተበልቷል። እሱ የሚጫወተው በፒኤስ ቱ ነው፤ ቪዲዮው የተቀረጸው ደግሞ በስልክ ነው። ርዕሱ ይህንን ቢነግረው ኖሮ ባልከፈተው ነበር።

ሌላው ደግሞ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈለ ታሪኩ መሃል ላይ የደረሰ ልጅ ነው። ማታ ቤቱ ሆኖ ሌላ ነገር ሊያይ ዩቲዩብ ሲከፍት የታሪኩ ትልቁ ሚስጥር ርዕስ ሆኖ ይጠብቀዋል። ቪዲዮውን አልፈለገውም፣ አልነካውም። ግን አነበበው። ያነበበውን ደግሞ መርሳት አይችልም።

እነዚህን ሁለት ልጆች እያሰብን አንድ ቪዲዮ ይዘን ከርዕሱ እስከ መግለጫው መጨረሻ እንጻፍ። ጌሙ GTA San Andreas ይሁን። ጌም ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ቨርዥኖች ስላሉትም ለዚህ ትምህርት ከሱ የተሻለ የለም። የታሪኩን ሚስጥር እዚህ አላወጣም፤ ስለዚህ ያልጨረሳችሁትም ሳትሰጉ አንብቡ።

መጀመሪያ የትኛውን እንደቀረጻችሁ እወቁ

ሳን አንድሪያስ በፈረንጆቹ 2004 ለፒኤስ ቱ ወጣ። በ2005 ኮምፒውተርና ኤክስቦክስ ላይ መጣ። በ2013 መጨረሻ ስልክ ላይ ገባ። በ2021 ደግሞ Definitive Edition የሚባለው፣ ምስሉና አጨዋወቱ የታደሰው ወጣ። አራቱም ላይ ታሪኩ አንድ ነው፣ ሚሽኖቹም ስማቸው አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል?

የሚያስጨንቀው ተመልካቹ እናንተ ያደረጋችሁትን ማድረግ ሲያቅተው ነው። ፒኤስ ቱ ላይ ሚሽን ከከሸፈባችሁ ወደ ሚሽኑ መነሻ ራሳችሁ ነድታችሁ ትመለሳላችሁ። ስልኩ ላይ በሚሽኑ መሃል ማረፊያ ነጥብ አለ፤ ከዚያ ትቀጥላላችሁ። Definitive Edition ላይም ወዲያው እንደገና መሞከር ይቻላል። ስለዚህ በስልክ የቀረጸ ሰው «ከከሸፈ ምንም አይደል፣ እዚያው ትጀምራላችሁ» ሲል ለፒኤስ ቱ ተጫዋች ውሸት ይሆናል። ቁልፎቹም ይለያያሉ። Definitive Edition ላይ የመሣሪያ አመራረጡና አነዳዱ እንደ አዳዲሶቹ ጌሞች ተስተካክሏል። ስልኩ ላይ ጭራሽ ቁልፍ የለም፤ ስክሪኑን ነው የምትነኩት።

ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ማስተካከያው ውስጥ Frame Limiter የሚባል አለ። ጌሙ የተሠራው እሱ በርቶ እንዲሄድ ነው። ካጠፋችሁት ምስሉ ይፈጥናል፣ ግን የጌሙ ስሌት ይዛባል፤ ለምሳሌ ሲጄ ሲዋኝ ይንቀረፈፋል። አጥፍታችሁ ከቀረጻችሁ ተመልካቹ እናንተ የምታዩትን አያይም። ከመቅረጻችሁ በፊት አብሩት፤ ካጠፋችሁት ደግሞ መግለጫው ላይ ጻፉት።

ቨርዥኑን ማወቅ ቀላል ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ Settings ገብታችሁ Apps ውስጥ ጌሙን ስትነኩት ከታች የቨርዥን ቁጥር አለ። እሱን እንዳለ ገልብጡት። Definitive Edition ከሆነ ከስሙ በተጨማሪ የተቀረጸበትን ወርና ዓመት ጨምሩ፤ ምክንያቱም በኖቬምበር 2024 የመጣው ማሻሻያ የብርሃኑን መልክ ሳይቀር ለውጦታል። ከዚያ በፊት የተቀረጸና ከዚያ በኋላ የተቀረጸ ቪዲዮ የተለያየ ጌም ይመስላል።

የጌም ቤት ዲስክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ሞድ የገባባቸው ናቸው፤ መኪናው፣ ልብሱ፣ አንዳንዴም መሣሪያው ተቀይሯል። ጀማሪ ተጫዋች ዲስኩ ሞድ እንዳለው እንኳ አያውቅም፣ ጌሙ ሲፈጠር እንደዚያ ይመስለዋል። ቪዲዮው ላይ ያልተለመደ መኪና ከታየ «ይህን ከየት አመጣኸው?» የሚል አስተያየት መዝነቡ አይቀርም። «ዲስኩ ሞድ አለው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይገላግላችኋል። ቺት ኮድ ከተጠቀማችሁም እንደዚሁ። ጤናና ጥይት በኮድ ሞልታችሁ ያለፋችሁትን ሚሽን እንደ መፍትሔ ማሳየት ሰውን ማሳሳት ነው።

ደረጃውን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጥሩት

«ሚሽን 17» የሚል ርዕስ ሳን አንድሪያስ ላይ ለማንም አይጠቅምም። ጌሙ ቁጥር አይሰጥም። ከዚህም በላይ አንዱ ተጫዋች የራይደርን ሚሽኖች አስቀድሞ ሲጨርስ ሌላው የቢግ ስሞክን ይጨርሳል። ለእናንተ አሥራ ሰባተኛ የሆነው ለሌላው አሥራ ሦስተኛ ነው። «ክፍል 7» የሚለውም የእናንተ ቻናል ቁጥር እንጂ የጌሙ አይደለም። የምትተማመኑበት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የሚሽን ስም ብቻ ነው፤ እሱ ለሁሉም አንድ ነው። ክፍል ቁጥር ማስገባት ከወደዳችሁ ርዕሱ መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ምዕራፍ ያላቸው ጌሞች ላይ ቁጥር ይሠራል፣ ግን እዚያም ቨርዥኑ አብሮ ካልተጻፈ ይከዳል። Resident Evil 4ን ውሰዱ። የ2005ቱ ምዕራፎች 1-1፣ 1-2 እያሉ ይሄዳሉ፤ በ2023 እንደ አዲስ የተሠራው ደግሞ ከ1 እስከ 16 ይቆጠራል። «ምዕራፍ 3» ብላችሁ ዓመቱን ካልጻፋችሁ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ከሚሽኑ ስም ሌላ የተጫዋቹ አቅምም አለ። Amphibious Assault የሚባለው ሚሽን የሲጄ የሳንባ አቅም በቂ ካልሆነ አይጀምርም። ልጁ ቦታው ድረስ ሄዶ ሚሽኑ እምቢ ሲለው ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል። መግለጫችሁ «መጀመሪያ ውኃ ውስጥ እየጠለቃችሁ የሳንባ አቅማችሁን አሳድጉ፣ አለበለዚያ ሚሽኑ አይከፈትም» ካለ ችግሩ ተፈታ። ፒኤስ ቱ ላይ በእግር ሆናችሁ L1ን ይዛችሁ ስትቆዩ የሲጄ አቅም ይታያል። ቪዲዮው ሲጀምር እሱን ለጥቂት ሰከንድ አሳዩት፤ ተመልካቹ የራሱን ከናንተ ጋር ያስተያያል።

ርዕሱ፦ ስልኩ የሚቆርጠውን አስቡ

ዩቲዩብ ለርዕስ የሚፈቅደው እስከ 100 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ስልክ ላይ ግን መቶውም አይታይም፤ ጫፉ ተቆርጦ ሦስት ነጥብ ይመጣል። ስለዚህ ዋናውን ነገር የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ፊደሎች ውስጥ ጨርሱ።

ብዙ ጊዜ የማየው ርዕስ እንዲህ ያለ ነው፦

GTA San Andreas አሪፍ ጌም በአማርኛ ሙሉ ጨዋታ ሚሽን 17 ክፍል 7 እንዳያመልጣችሁ

የትኛው ሚሽን? የትኛው ቨርዥን? ምንም የለም። ሃያ ቪዲዮ በዚሁ መልክ ሲደረደር ደግሞ ሁሉም በአንድ ቃል ይጀምርና የሚለያቸው ነገር ከተቆረጠው በኩል ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ የሚሽኑ ስም፣ ከዚያ ጌሙ፣ ከዚያ ቨርዥኑ፣ ከዚያ አማርኛው።

Wrong Side of the Tracks | GTA San Andreas PS2 | የባቡሩ ሚሽን በአማርኛ

PS2 የሚለው 46ኛው ፊደል ላይ አለቀ። ተቆርጦ እንኳ ሚሽኑ፣ ጌሙና ቨርዥኑ ይታያሉ። ጠቅላላው ከ70 ፊደል አይበልጥም።

የሚሽኑን ስም በላቲን ፊደል የምንተወው ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው፤ የተቸገረው ልጅ አይቶ የሚገለብጠው ያንን ነው። «የባቡሩ ሚሽን» የሚለውን የጨመርነው ደግሞ ጌም ቤት ውስጥ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ጓደኛው ነግሮት የሚፈልግ ልጅ የፈረንጅኛ ስሙን ላያውቀው ይችላል። ሁለቱም ይኑሩ። ርዕሱ ላይ < እና > አታስገቡ፤ ዩቲዩብ አይቀበላቸውም።

ስፖይለር፦ ማን ሳይጠይቅ እንደሚያይ ለዩ

ብዙ ሰው መግለጫው ላይ «ስፖይለር አለው» ብሎ ከጻፈ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። መግለጫውን የሚያነበው ግን ቪዲዮውን ከፍቶ የገባው ነው። ርዕሱንና ሽፋን ምስሉን ማንም ያያል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ሚስጥሩ ርዕስና ሽፋን ላይ በምንም መልኩ አይወጣም፤ ማስጠንቀቂያው ግን ይወጣል።

The Green Sabreን እንደ ምሳሌ እንያዝ። ከReuniting the Families ቀጥሎ የሚመጣ ሚሽን ነው፤ ታሪኩ የሚገለበጠውም እዚያ ነው። ሰው ርዕሱ ላይ ምን ይጽፋል? «እገሌ እንዲህ ያደረገበት ሚሽን»። ለጎበዝ ርዕስ ሲል ጌሙ ለሰዓታት ሲያዘጋጅ የቆየውን ነገር በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። በምትኩ እንዲህ ጻፉት፦

ስፖይለር | The Green Sabre | GTA San Andreas PS2

«ስፖይለር» ፊት መጥታለች፤ ስልኩ አይቆርጣትም። እንዲህ የማደርገው ግን ታሪክ የሚፈነዳባቸው ሚሽኖች ላይ ብቻ ነው። የባቡሩ ሚሽን ላይ አያስፈልግም፣ እዚያ ጉዳዩ ሞተር መንዳት ነው። ሁሉም ቪዲዮ ላይ «ስፖይለር» ከለጠፋችሁ ቃሉ ሰሚ ያጣል። የምሩ ሲመጣ ማንም አይጠነቀቅም።

ማስጠንቀቂያው መግለጫ ውስጥ ሲገባ «ስፖይለር አለው» ብቻ አይበቃም። እስከ የት? ልጁ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው። «ይህ ቪዲዮ እስከ The Green Sabre መጨረሻ ያለውን ታሪክ ያሳያል» ስትሉት እዚያ የደረሰው ይገባል፣ ያልደረሰው ይመለሳል።

ሚስጥር ሳይታወቅ የሚያመልጥባቸው ሌሎች ሦስት ቀዳዳዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቪዲዮው መነሻ ሰከንዶች ናቸው። ዩቲዩብ ስልክ ላይ ሰው ሲያልፍ ቪዲዮውን ሳይከፍተው፣ ያለ ድምፅ፣ ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ሞቅ ያለውን ትዕይንት ቀድማችሁ ለማሳያ ከለጠፋችሁ ያልጠየቃችሁ ሰው ፊት ነው የምትበትኑት። ቪዲዮውን በሚሽኑ መነሻ ቦታ ጀምሩ፤ ማስጠንቀቂያውንም በቃል ተናገሩት፣ በጽሑፍም ስክሪኑ ላይ አኑሩት።

ሁለተኛው የሰዓት ምልክቶቹ ናቸው። መግለጫ ላይ የምትጽፏቸው የክፍል ስሞች ቪዲዮው ሥር ባለው መስመር ላይም ይወጣሉ። «08:20 እገሌ ሲሞት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ልጁ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሆኖ ያነበዋል። «08:20 የመጨረሻው ትዕይንት» በቂ ነው። እናንተ ካልጻፋችሁ ደግሞ ዩቲዩብ ራሱ ክፍል ሊሠራና ስም ሊሰጥ ይችላል። የራሳችሁን ጻፉ፣ ወይም ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ አውቶማቲክ ክፍሎችን አጥፉ።

ሦስተኛው የቪዲዮው መጨረሻ ላይ የምታስቀምጡት ቀጣይ ቪዲዮ ነው። የባቡሩን ሚሽን ላየ ልጅ መጨረሻ ላይ የምታሳዩት የጌሙን ማጠቃለያ ሽፋን ከሆነ ጥንቃቄው ሁሉ ከንቱ ነው። ወዲያው የሚከተለውን ሚሽን አድርጉለት፤ ለባቡሩ ቀጣዩ የቢግ ስሞክ ሚሽን Just Business ነው።

መግለጫው

መግለጫ እስከ 5000 ፊደል ይይዛል፣ ሳይከፈት የሚታየው ግን የመጀመሪያው አንድ ሁለት መስመር ነው። እዚያ ቦታ «ሰላም ውድ ተከታታዮቼ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ» ማለት ብክነት ነው። ቨርዥኑን ጻፉበት። የባቡሩ ሚሽን መግለጫ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦

> ጌሙ፦ GTA San Andreas፣ PS2። ዲስኩ ሞድ የለውም፣ ቺት ኮድ አልተጠቀምኩም።
>
> ሚሽኑ፦ Wrong Side of the Tracks (የባቡሩ ሚሽን)። የሚሰጠው Big Smoke ነው፣ Los Santos ውስጥ።
>
> ስፖይለር፦ ታሪኩን እስከዚህ ሚሽን ብቻ ያሳያል። ከዚህ በኋላ ስለሚመጣው ምንም አልተነሳም።
>
> መፍትሔው ባጭሩ፦ ሞተሩን ከባቡሩ ቀኝ ጎን ራቅ አድርጋችሁ ንዱ። በጣም ከተጠጋችሁ የBig Smoke ጥይት የባቡሩን ጎን ይመታል እንጂ ላይ ያሉትን አያገኝም። አትቅደሙት፣ አትቅሩም። አራቱም እስኪወድቁ እኩል ሂዱ። ከፊት የሚመጣ ሌላ ባቡር አለ፣ ተጠንቀቁ።
>
> 00:00 ሚሽኑ የሚጀመርበት ቦታ
> 01:05 ሞተሩን ስታገኙ
> 01:50 ከባቡሩ ምን ያህል መራቅ
> 03:30 ቢከሽፍባችሁ

መፍትሔውን በጽሑፍ ማስቀመጤ ተመልካች ያሳጣኛል ብሎ የሚፈራ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፓኬጁ ያለቀበት ልጅ ጓደኛው ስልክ ላይ አንብቦት ይሄዳል፤ በሌላ ቀን ሌላ ሚሽን ሲያስቸግረው ስማችሁን ይዞ ይመጣል። እዚያ ያለውን ጽሑፍ ፍለጋውም ያነበዋል። «ሳን አንድሪያስ»፣ «ጂቲኤ»፣ «የባቡር ሚሽን» የሚሉት በአማርኛ ፊደልም የሆነ ቦታ ይግቡ፣ ግን እንደ ሰው አነጋገር በዓረፍተ ነገር ውስጥ፤ ሃምሳ ጊዜ መደጋገም ማንንም አይረዳም።

የሰዓት ምልክቶቹ እንዲሠሩ ሦስት ነገር ይጠበቃል። የመጀመሪያው 00:00 መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፣ በቅደም ተከተል። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። አንዱ ከጎደለ ሰዓቶቹ እንደ ማስፈንጠሪያ ይቀሩና መስመሩ ላይ ክፍል ሆነው አይታዩም። «ለምን አልወጣልኝም?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ 00:00ን ዘሎ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ምድቡን Gaming ስትሉ የጌሙን ስም የምታስገቡበት ቦታ ይመጣል። እዚያም ትክክለኛውን ምረጡ፤ የድሮውን ቀርጻችሁ Definitive Edition ብትሉ ርዕሱና እሱ ይጋጫሉ። ሃሽታግ ከሦስት ባይበልጥ ይሻላል፤ ከርዕሱ ጋር የሚታዩት እስከ ሦስት ናቸው።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ

ርዕሱ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግሯችሁ አስተያየቶቹ ናቸው። «እኔ ጋ ይህ ቁልፍ አይሠራም»፣ «የኔ ስክሪን እንዲህ አይደለም» የሚሉ ከበዙ ቨርዥኑ አልታየም ማለት ነው፤ ወደ ፊት አምጡት። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው Audience retention የሚባለው ግራፍም ይናገራል። መነሻው ላይ ብዙ ሰው ገብቶ ወዲያው የሚወጣ ከሆነ የመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ርዕስና መግለጫ ቪዲዮው ከወጣ በኋላም ይስተካከላሉ፣ ቪዲዮውን ማጥፋት አያስፈልግም። ጌሙ ታድሶ አንድ ነገር ከተቀየረም የመግለጫው መጀመሪያ ላይ ከነቀኑ ጨምሩት፦ «ከኖቬምበር 2024 ማሻሻያ በኋላ ምስሉ ይለያል»።

የድሮ ቪዲዮ የተከማቸባችሁ ከሆነ ሁሉንም በአንዴ አትንኩ። ሚስጥር ርዕስ ላይ ያወጡትን ዛሬውኑ አስተካክሉ፣ ሽፋናቸውንም ቀይሩ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያያቸውን ቨርዥን ጨምሩባቸው። ሌላው ይደርሳል።

የቀረው አስተያየት መስጫው ነው። እናንተ የደበቃችሁትን ተመልካች ሊያወጣው ይችላል። ስቱዲዮ Settings ውስጥ Community moderation ጋ Blocked words የሚል አለ። እዚያ ሚስጥሩን የሚገልጹ ቃላትን፣ በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ አስገቡ፤ እነዚያ ያሉባቸው አስተያየቶች እናንተ ሳታዩ አይወጡም። ከላይ ደግሞ የራሳችሁን አስተያየት ሰክታችሁ «ከዚህ ሚሽን በኋላ ያለውን እዚህ አንጻፍ፣ ያልደረሱ አሉ» በሉ። አንድ ሰው ረስቶ ቢጽፍ አስተያየቱን አንሱና በትሕትና ንገሩት፤ ብዙው ሰው ሳያስበው ነው የሚያደርገው።